«ስበት» ወይስ «እፍጋት»? ሃይድሮሜትርስ አልኮል «ይለካል»?

ጥያቄ፦ «ቤት ውስጥ ለምጠምቀው መጠጥ ሃይድሮሜትር ገዛሁ። መመሪያው "የመጀመሪያ ስበት" እና "የመጨረሻ ስበት" ይላል። ስበት እዚህ ምን አገባው? "ሃይድሮሜትር አልኮል ይለካል" ማለትስ ትክክል ነው?»

መልስ፦ እዚህ ቦታ ላይ «ስበት» የተሳሳተ ትርጉም ነው። የእንግሊዝኛው ቃል «gravity» ከላቲን የመጣ ሲሆን የቀደመው ፍቺው «ክብደት» ነው፤ ተርጓሚው ግን ምድር ነገሮችን ወደ ራሷ የምትስብበትን ኃይል ብቻ ያሰበ ይመስላል። በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፈው ይህ መሣሪያ የሚያሳየው የፈሳሹን እፍጋት ከውሃ እፍጋት ጋር አነጻጽሮ ስለሆነ ትክክለኛው ስያሜ «አንጻራዊ እፍጋት» ነው፤ ሁለቱን ንባቦች «የመነሻ እፍጋት» እና «የመጨረሻ እፍጋት» ብንላቸው ይበቃል።

«ይለካል» የሚለው ግሥ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሃይድሮሜትር በንጹሕ ውሃ ውስጥ 1.000 ላይ ይቆማል፤ ስኳር የሟሟበት ፈሳሽ ስለሚከብድ መሣሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጠው ደግሞ ፈሳሹ እየቀለለ መሣሪያው ይሰምጣል። አልኮል ራሱ ከውሃ ስለሚቀል፣ ስኳሩ ሲያልቅ ንባቡ እስከ 0.990 ገደማ ሊወርድ ይችላል።

ለምሳሌ እርሾ ከመጨመሩ በፊት 1.080፣ መፍላቱ ካበቃ በኋላ 1.010 ቢነበብ፣ ልዩነቱ በ131.25 ይባዛል፦

```
(1.080 - 1.010) × 131.25 = 9.2
```

ይህም ከመጠጡ በይዘት 9.2 በመቶ ገደማው አልኮል ነው ማለት ነው። መነሻው 1.050 ቢሆን ኖሮ ግን ያው 1.010 የሚያመለክተው 5.25 በመቶ ብቻ ነበር። አንድ ዓይነት የመጨረሻ ንባብ ሁለት የተለያዩ መልሶች የሚሰጥ ከሆነ መሣሪያው አልኮሉን አልለካም፤ እፍጋት ይለካል፣ አልኮሉ ይሰላል። የመነሻውን ንባብ ሳይመዘግብ የጠመቀ ሰው የአልኮሉን መጠን በኋላ በዚህ መሣሪያ ብቻ ሊያውቅ አይችልም።

ንባቡም በቀላሉ ይሳሳታል። የጋዝ አረፋ በመሣሪያው ላይ ተጣብቆ ሽቅብ ስለሚያነሣው ቀስ ብሎ ማሽከርከርና አረፋውን ማራገፍ ያስፈልጋል፤ ፈሳሹ የመሣሪያውን አንገት በሚነካበት ቦታ ትንሽ ከፍ ስለሚል ዓይንን ከፈሳሹ ገጽ ጋር አስተካክሎ ጠፍጣፋውን መስመር ማንበብ ይገባል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲያነብ የተሠራ መሣሪያ በ30 ዲግሪ ከ0.002 እስከ 0.003 ያህል አሳንሶ ያሳያል። መፍላቱ አብቅቷል የሚባለውም ንባቡ ለሁለት ሦስት ቀናት ሳይለወጥ ሲቆይ ነው እንጂ አረፋው ስለ ቆመ ብቻ አይደለም።

«የአልኮል መለኪያ» የሚለውን ስም አልኮሎሜትር ለሚባለው ሌላ መሣሪያ እንተወው፤ እርሱ ውሃና አልኮል ብቻ ላለበት የተጣራ መጠጥ የተሠራ ስለሆነ፣ ስኳር በቀረበት ጥንስስ ውስጥ ቢነከር ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያሳያል።