ጣሳው ተጨርምቷል፣ ልግዛው? (ጥያቄና መልስ)

በምግብ መጋዘን ዕቃ ተቀባይ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የምችለውን እመልሳለሁ።

የተጨረመተ ጣሳ መግዛት ችግር አለው?

የተመታበትን ቦታ እዩ። የላይና የታችኛውን ጠርዝ ዙሪያውን በጣታችሁ ዳስሱ። ክዳኑ ከጣሳው ጋር ተጣጥፎ የተገጠመው እዚያ ነው። ጉዳቱ እዚያ ወይም ጎኑ ላይ በሚወርደው ብየዳ ላይ ከሆነ ይቅርባችሁ። ለዓይን የማይታይ ክፍተት ጀርም ለማስገባት ይበቃል። ሆዱ ላይ ትንሽ ሰርጎድ ብሎ ሹል እጥፋት ከሌለው ግን እኔ ራሴ እገዛዋለሁ።

እኔ ጫን አድርጌ አያለሁ። ካልተነፋ ሰላም ነው፤ ከጠረጠርኩም ቀመስ አደርገዋለሁ።

ግማሹ ልክ ነው። ክዳኑ ሲጫኑት ገባ ወጣ የሚል ከሆነ አይገዛም። መቅመሱን ግን በፍጹም! ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል፣ ጥቂቱም ይበቃል። አለመነፋቱም ማረጋገጫ አይሆንም።

የቲማቲም ጣሳ ግን በአሲዱ ምክንያት ይነፋል ይባላል። ያ ጉዳት አለው?

እውነት ነው፣ አሲዱ ብረቱን ሲበላው ጋዝ ይወጣል። ከውጭ ሆኖ ግን ጋዙ የአሲድ ይሁን የጀርም ማንም አይለይም። ስለዚህ መጣል ነው።

ወተቱ 5 ቀን እየቀረው ጎመዘዘ። ቀኑን አጭበርብረው ነው?

ላይሆን ይችላል። ቀኑ የሚሠራው ወተቱ ሳይከፈትና ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ከቆየ ብቻ ነው። አንዴ 12 ቀን የቀረው እርጎ መጣልኝ። ሾፌሩ የመኪናውን ማሳያ እየጠቆመ «3 ዲግሪ ነው» አለኝ። ያ ግን የአየሩ ሙቀት ነው። ቴርሞሜትሬን በሁለት ካርቶን መሃል ከትቼ ጠበቅሁ፤ 9 አለ። ከ4 መብለጥ አልነበረበትም። ሾፌሩ ተቆጣ፣ እኔም እርጎውን መለስኩት።

ሱቅ ውስጥ ቴርሞሜትር አትይዙም። ከፊት ያለውን ትታችሁ ከኋላ አንሱ። ክፍት ማቀዝቀዣ ላይ ዕቃ ከዚህ እንዳያልፍ ተብሎ ከተሠመረው የመጫኛ መስመር በላይ የተቆለለውን ተዉት፣ ቅዝቃዜው እዚያ አይደርስም። የእርጎው ክዳን ካበጠ ቀኑን ማየት እንኳ አያስፈልግም። ወተትን መጨረሻ ላይ አንሡና በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ፤ በኃይለኛ ሙቀት ደግሞ በ1 ሰዓት።

እኛ ሰፈር ወተት ከፍሪጅ ውጭ መደርደሪያ ላይ ነው። ላጋልጣቸው?

ቆይ፣ መጀመሪያ ማሸጊያውን አንብብ! በከፍተኛ ሙቀት ታክሞ የታሸገ የረጅም ጊዜ ወተት ከሆነ ጥፋት የለባቸውም። ፍሪጅ የሚያስፈልገው ከተከፈተ በኋላ ነው። «ቀዝቅዞ ይቀመጥ» ካለ ግን ንገራቸው።

03/04 የሚል ቀን አየሁ። የቱ ነው ወሩ?

አምራቹ አገር ይወስነዋል። አንዳንዱ ቀኑን፣ አንዳንዱ ወሩን ያስቀድማል። የዚያኑ አምራች ሌላ ዕቃ አንሳና ከ12 የሚበልጥ ቁጥር ያለው ፈልግ፤ እሱ ቀኑ የት እንደሚጻፍ ያሳይሃል። ካጣህስ? እኔም እንዲህ ሲገጥመኝ ቀድሞ የሚመጣውን ቀን ነው የምይዘው፤ ትክክል መሆኔን ግን አላውቅም።