ፎቶ ኪሎ አይመዝንም

«ዶክተር፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ 8 ዓመቱ ነው፣ ድቡልቡል ያለ ነው። ሴቷ ባለፈው ወር 6 ሞላት፣ እሷ ቀጫጫ ናት። የጥምቀት ዕለት ያነሳኋቸውን ፎቶ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። የባለቤቴ እናት “ልጅቷን ምን ነካት? አጥንቷ ቀረ እኮ!” አሉ። አሜሪካ ያለችው እህቱ ደግሞ “እሱ የእሷንም ምሳ ሳይበላ አይቀርም” ብላ ሳቀች። ልጅቷን ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻት የአንድ ዓመት ሕፃን ሳለች ነው። ልጁ የድምፅ መልእክቱን ሰማ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ሲያይ ሆዱን ይስባል፣ እራቱንም እየተወ ነው። ለባለቤቴ ስነግረው “ቀልድ ነው፣ አታካብጂ” አለኝ። በዚህ ተኳርፈናል። ክሊኒክ ወስጄ ሳስለካቸው እሱ 130 ሴንቲሜትርና 28 ኪሎ፣ እሷ 112 ሴንቲሜትርና 18 ኪሎ ሆኑ። ኢንተርኔት ላይ ሳሰላው ግን ሁለቱም “ከክብደት በታች” ናቸው አለኝ። ማንን ልመን?»
እናት፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ያሰላሽበት የአዋቂዎች ማስያ ነው። ለአዋቂ ሰው ቢኤምአይ፣ ማለትም ክብደት ከቁመት ጋር ተመዛዝኖ የሚወጣው ቁጥር፣ ከ18.5 በታች ከሆነ «ከክብደት በታች» ይባላል። ይህ ቁጥር ለልጅ አይሠራም። በዚህ ሚዛን ከሄድን ከመዋዕለ ሕፃናት በር የሚወጣው ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል በሽተኛ ሊሆን ነው።

ስሌቱ ራሱ ግን ያው ነው። ኪሎውን በሜትር ለተጻፈው ቁመት ሁለቴ ታካፍያለሽ። የልጁ 28 ለ1.30፣ ውጤቱን እንደገና ለ1.30 ስናካፍል 16.6 ይመጣል። የልጅቷ 14.3 ነው። ልዩነቱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የልጅ ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም፤ በዕድሜና በጾታ በተለየ የእድገት ቻርት ላይ መቀመጥ አለበት። ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2007 ያወጣው ቻርት አለ። በእሱ መሠረት የ6 ዓመት ሴት ልጅ መካከለኛ ቢኤምአይ 15.3 ነው። ቅጥነት የሚባለው ከ12.7 ሲወርድ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት የሚባለው ደግሞ ከ17.0 ሲያልፍ ነው። ለ8 ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛው 15.7፣ የላይኛው መስመር 17.4 ነው።

እንግዲህ የልጆችሽን ቁጥር አስቀምጪው። ልጅቷ 14.3፤ ከመካከለኛው ትንሽ ዝቅ ብላ፣ ከታችኛው መስመር ግን በጣም ርቃ። ልጁ 16.6፤ ከመካከለኛው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከላይኛው መስመር በታች። «አጥንቷ ቀረ» የተባለችውም፣ በምሳ የተቀለደበትም፣ ሁለቱም ጤናማው ክልል ውስጥ ናቸው።

ታዲያ ፎቶው ለምን ሌላ ነገር አሳየ? አንደኛ፣ ሁለት ዓመት የሚበላለጡ ልጆች ጎን ለጎን ቆመዋል። በ18 ሴንቲሜትርና በ10 ኪሎ ይለያያሉ። ዓይን የሚያነጻጽረው አጠገቡ ካለው ጋር ነው እንጂ ከእኩዮቻቸው ጋር አይደለም። ሁለተኛ፣ የስልክ ካሜራ ቅርብ የቆመውን ያገዝፋል፣ ጠርዝ ላይ ያለውንም ይለጥጣል። ከላይ ወደ ታች ከተነሳ እግር ያጥራል፣ ጭንቅላት ይተልቃል። በዚያ ላይ የበዓል ልብስ አለ። ሰፊ የሐበሻ ቀሚስ ውስጥ ያለች ልጅ የሚታየው አንገቷና የእጇ አንጓ ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ በማንኛዋም የ6 ዓመት ልጅ ላይ ቀጭን ናቸው።

ሦስተኛውን ነገር ለአሜሪካዋ አክስት ንገሪልኝ። ልጆች በጣም ቀጠን ብለው የሚታዩት 5 እና 6 ዓመት አካባቢ ነው። የሕፃንነቱ ስብ ይቀንሳል፣ እግር ይረዝማል፣ ጉንጭ ይጎድላል። የሴት ልጅ መካከለኛ ቢኤምአይ በአንድ ዓመቷ 16.4 የነበረው በ6 ዓመቷ 15.3 የሚሆነው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚወጣው። አክስትየዋ በአእምሮዋ የያዘቻት የአንድ ዓመቷን ባለጉንጭ ሕፃን ነው። ከዚያች ጋር ካስተያየቻት «ከሳች» ማለቷ አይደንቅም።

የፎቶ ፍርድ በሌላም በኩል ይሳሳታል፤ እንዲያውም እኔን የሚያሳስበኝ ያኛው ነው። በፈረንጆች 2019 በአገራችን በተደረገ የሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር፣ ማለትም የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። የቀነጨረ ልጅ ፎቶ ላይ ምንም አይመስልም። ሁሉ ነገሩ ተመጣጥኖ ያነሰ ስለሆነ፣ «ደህና ነው፣ እንዲያውም ሞላ ያለ ነው» ይባላል። ሳይለካ አይታወቅም። በከፋ የምግብ እጥረት ፊቱና እግሩ ያበጠ ልጅም ላላወቀ ሰው የወፈረ ይመስላል። በተቃራኒው ክብደታቸው ያለፈ ልጆችን ወላጆች ራሳቸው «ልኩን ነው» እንደሚሉ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ዓይናችን የለመደውን ነው ልክ የሚለው።

ቻርትም ቢሆን በትክክል ካልተለካ ያሳስታል። የልጅሽ ቁመት በስህተት 2 ሴንቲሜትር ጨምሮ ቢመዘገብ ቢኤምአይዋ ከ14.3 ወደ 13.9 ይወርዳል፤ አንድ ሹሩባ ብቻ ይህን ያደርጋል። ስለዚህ ጫማ ይውለቅ፣ ጸጉር ዝቅ ይበል፣ ተረከዝና መቀመጫ ግድግዳ ይንኩ፣ ዓይን ፊት ለፊት ይይ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ጭንቅላቷ ላይ ከግድግዳው ጋር ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪና በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ሁለቴ ለኪ። ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ አይሁን። በየሳምንቱ አትለኪ፤ በየ6 ወሩ ይበቃል። ዋናው ነገር አንዱ ነጥብ ሳይሆን ነጥቦቹ ሲገናኙ የሚሠሩት መስመር ነው። በዝቅተኛው መስመር ላይ ሳትለቅ የምታድግ ልጅ ብዙ ጊዜ ደህና ናት። መሐል ላይ የነበረ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መስመር ቢወርድ ወይም ቢወጣ ግን ሐኪም ይየው። በዚህ ዕድሜ ቁመት በዓመት ከ4 ሴንቲሜትር በታች ከጨመረም እንዲሁ። ቢኤምአይ ጡንቻንና ስብን እንደማይለይም አትርሺ፤ ስለዚህ መስመር ያለፈ ልጅ ይመረመራል እንጂ ወዲያው ስም አይወጣለትም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ቻርቱ ላይ ልጅሽ 25ኛው መስመር አካባቢ፣ ወንድሟ 70ኛው አካባቢ ናቸው። እኛ አገር ቁጥር ሲሰማ «ከክፍል ስንተኛ ወጣች?» ነው የሚመጣብን። ደረጃ አይደለም። ከ100 እኩዮቿ 25 ያህሉ ከእሷ ይቀጥናሉ፣ 75 ያህሉ ይሞላሉ ማለት ብቻ ነው። 100ኛ መውጣት ሽልማት የለውም። ስለዚህ ቻርቱን ግሩፑ ላይ እንዳትለጥፊው፤ በማግሥቱ «ሃያ አምስተኛዋ» ይሏታል።

አሁን ወደ ቃላቱ። ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። ልጆችሽን ያስተዋወቅሽኝ አማቶችሽ በጠሯቸው ዓይነት ስም ነው። አልወቅስሽም፣ በፍቅር እንዳልሽው አውቃለሁ። ልጅ ግን «ድቡልቡል» ሲባል የሚይዘው ፍቅሩን ብቻ አይደለም። እኔ ማለት ይህ ነኝ ብሎ ይይዘዋል። በአሜሪካ ለዓመታት ክትትል የተደረገባቸው ልጃገረዶች ነበሩ። በ10 ዓመታቸው «በጣም ወፍራም ነሽ» የተባሉት፣ መነሻ ክብደታቸው ተመሳሳይ ከነበረ ካልተባሉት ይልቅ በ19 ዓመታቸው ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ቃሉ ብቻውን አወፈራቸው ማለት አይቻልም። አልጠቀማቸውም ማለት ግን ይቻላል።

ስለ ሰውነታቸው ጨርሶ አትናገሪ እያልኩሽ አይደለም። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ሰውነት የሚታፈርበት ነገር ይመስላቸዋል። የሚታየውን ነገር ተናገሪ፣ ጊዜውንም ጨምሪ፣ ልጁን በዚያ አትጥሪው። «መስከረም ላይ የገዛነው ሱሪ አጠረበት።» «ቀሚሷ የአክስቷ ልጅ ስለነበር ትንሽ ሰፍቷታል።» «የፊት ጥርሷ ወልቆ ነው እንዲህ የምትስቀው።» ፎቶ ስትልኪ ከሥሩ እንዲህ ያለ አንድ መስመር ጻፊ። ሰው ፎቶ ሲላክለት የሚለው ነገር ይፈልጋል፤ ካልሰጠሽው ሰውነታቸውን ያያል። ሐኪም ወይም ነርስ ዘመድ በሩቅ ሆኖ ሊረዳሽ ከፈለገም ከፎቶው ይልቅ ይህን ላኪ፦ ዕድሜ ከነወሩ፣ ቁመት፣ ኪሎ፣ የተለካበት ቀን፣ የቀድሞው ልኬት።

አማትሽን በግሩፑ ላይ መልስ አትስጫቸው። የ1977ን ድርቅ ያየ ትውልድ ልጅ ከሳ ሲል ሞትን እያሰበ ሊሆን ይችላል። ባለቤትሽ ራሱ ይደውልላቸው። እናቱ ናቸው፣ ከሱ አፍ ይቀላል። እንዲህ ቢላቸው በቂ ነው፦ «እማዬ፣ ስላሳሰበሽ ክሊኒክ ወስደናት ለካናት፣ ደህና ናት። ልጁ ግን የተባለውን ሰምቶ እራት እየተወ ነው። ከእንግዲህ ምን እንደበሉ፣ ምን እንደተማሩ ጠይቂያቸው፤ ስለ መክሳትና መወፈር እኔን በግል ጠይቂኝ።» እህቱ ጋርም እንዲሁ። እሱን ለማሳመን ደግሞ «ቀልድ ነው፣ አይደለም» የሚለውን ክርክር ተዪውና ማታ ገበታ ላይ አብሮሽ ተቀምጦ ልጁን እንዲያየው አድርጊ።

ልጁን ለብቻው ያዢው። ስለ ሆዱ አንቺ አትጀምሪ። «ያ የድምፅ መልእክት ምን ተሰማህ?» በይውና ዝም ብለሽ ስሚ። «ወፍራም ነኝ?» ብሎ ከጠየቀ «አይደለህም፣ ቆንጆ ነህ» ብለሽ አትዝለይው። «ሐኪሙ ለክቶሃል፣ ለ8 ዓመት ልጅ ሰውነትህ ልክ ነው። አክስትህ በፎቶ አይታ ነው የተናገረችው፣ መናገርም አልነበረባትም» በይው። «ብላ፣ ጨርስ» የሚለውን ግፊያ ተዪው። «ትንሽ ቀንስ»ንም እንዲሁ። ገበታው ይቅረብ፣ ምን ያህል እንደሚበላ እሱ ይወስን። እህቱንም አጉርሰሽ ለማወፈር አትሞክሪ፤ ቁጥሯ ይህን አይጠይቅም።

ብዙ ልጆች ቀልዱ ሲቆም በጥቂት ሳምንታት ወደ ቀድሞ አበላላቸው ይመለሳሉ። እራት መተዉ ከሦስትና ከአራት ሳምንት ካለፈ፣ ምሳቃውን ሳይነካ መመለስ ከጀመረ፣ ተደብቆ የሚበላ ከሆነ፣ ወይም ኪሎው ከ28 ከወረደ ግን 6 ወር አትጠብቂ። መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፣ የዛሬውን ልኬት ወረቀት ይዘሽ። ከዚያ ሁለታችሁም ወላጆች እኔ ዘንድ ኑ፤ ለመጀመሪያው ቀን ልጁ ባይመጣም ይቻላል።