«የበኩላችሁን ትብብር» ስንት ሰው ነው?

ልጆቼ፣

ወጣት ሳለሁ ሥራዬ ቴሌግራም መቀበል ነበር። ስልካችሁ ላይ ያለውን ማለቴ አይደለም። የቴሌ መስኮት ጋ ተቀምጬ፣ ሰው በወረቀት ጽፎ የሚያመጣውን መልእክት ቃሉን እየቆጠርኩ ሒሳቡን እነግረው ነበር። ክፍያው በቃል ቁጥር ነው። «እንደምን ሰነበትክ፣ እኛ ለጤናችን ደህና ነን» ብሎ የጀመረ ሰው ዋጋውን ሲሰማ እስክሪብቶ ይዋሰኛል። ሰርዞ ሰርዞ መጨረሻ ላይ «እናትህ ታማለች ቶሎ ና» ብቻ ይቀራል። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው። «ስላልመጣህልን» ብላችሁ አንድ ሙሉ ወቀሳ በአንድ ቃል ሒሳብ ትልካላችሁ።

ዛሬ ቃል በነጻ ሆነና የቤተሰብ ግሩፖቻችን በረጃጅም ማስታወቂያ ተሞሉ። ባለፈው ጥር ያየሁትን ልንገራችሁ።

ታላቅ እህቴ ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም. አረፈች። አርባዋ እሑድ ጥር 24 ዋለ። ለቤተሰቡ የማሳወቁ ሥራ ለልጅ ልጇ ተሰጠ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። ግሩፓችን ውስጥ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ሪያድ፣ ቴል አቪቭና ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶች አሉ። ልጅቷ አንድ ማታ ቁጭ ብላ ከ300 ቃል በላይ ጻፈች። መሀሉ ላይ እንዲህ ይላል፦

«… በቀብሯ ዕለት ከቅርብም ከሩቅም ተገኝታችሁ ላጽናናችሁን፣ በስልክ ለደወላችሁልን፣ በጸሎት ላሰባችሁን በሙሉ ምስጋናችን ከልብ ነው። ተዝካሯን በተመለከተ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በተነጋገረው መሠረት ጥር 24 በ3 ሰዓት በሚካኤል እንዲሆን ስለተወሰነ፣ ሁላችሁም እንደተለመደው የበኩላችሁን ትብብር እንድታደርጉልን በትሕትና እንጠይቃለን። በተጨማሪም የእማማ ፎቶ ያላችሁ ብትልኩልን፣ ሐውልቱንም በተመለከተ ሐሳብ ብትሰጡን …»

በሁለት ቀን ውስጥ ግሩፑ ሞላ። «ነፍስ ይማር»፣ «አሜን»፣ «እግዜር ያጽናችሁ»፣ የተጣመሩ እጆች፣ ሻማ። አንዲት አክስት የ1970ዎቹን ፎቶ ላከች፤ ሃያ ሰው ፎቶው ላይ ማን ማን እንዳለ ተከራከረ። ልጅቷ ማወቅ የፈለገችው ግን ስንት እንጀራ እንደሚታዘዝ ነበር። ስንት ሰው እንደሚመጣ የጻፈላት አንድም የለም።

ይህ ሳያንስ ዋሽንግተን ያለው የወንድሜ ልጅ «ትኬት ቆርጫለሁ፣ ሐሙስ እገባለሁ» አለ። ሐሙስ? ለካ ጥር 24ን ጃንዋሪ 24 አድርጎት ኖሯል። እዚያ ያደጉ ልጆች ጃንዋሪን «ጥር» ሲሉ ስለሚሰሙ ሁለቱ አንድ ይመስሏቸዋል። ጃንዋሪ 24 የእኛ ጥር 16 ነበር፤ ስምንት ቀን ይቀድማል። ተመላሹ ደግሞ ጃንዋሪ 27 ነው። ማለትም ድንኳን ሳይተከል መጥቶ፣ ድንኳን ሳይተከል ሊሄድ ነበር። ተጨማሪ ከፍሎ ቀየረው።

ልጅቷ ስልኳን ይዛ እኔ ጋ መጣች። «አባባ፣ እንዴት ላሳጥረው?» አለችኝ። እኔ ግን ማሳጠሩን ወደ ጎን ትቼ፣ «ይህን ያነበበ ሰው ስልኩን ከማስቀመጡ በፊት ምን እንዲያደርግ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።

«እንዲመጡ፣ እንዲያዋጡ፣ ፎቶ እንዲልኩ፣ ስለ ሐውልቱ ሐሳብ እንዲሰጡ።»

አራት ነገር ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው እንጂ ርዝመቱ ላይ አይደለም። አራት ነገር የተጠየቀ ሰው ቀላሉን መርጦ ይመልሳል፤ ቀላሉ ደግሞ ፎቶ ነው። ከዚያ የባሰው ገንዘቡ ነው። «ትብብር» የሚለው ቃል መዋጮ እንደሆነ ሁሉም ይገባዋል። ወሩ ያጠረበት ዘመድ «ሦስት ሆነን እንመጣለን» ብሎ መጻፍ ያፍራል፤ ስለ ገንዘቡስ ምን ሊል ነው? ስለዚህ ዝም ይላል። በይሉኝታ ዝም ያለውን ሰው እናንተ መልእክቱን ያላየ፣ ወይም የማይመጣ አድርጋችሁ ትቆጥሩታላችሁ። እሑድ ቀን አራት ልጅ አስከትሎ ይደርሳል።

እናም ለዪ አልኳት። ከአራቱ ቀን የሚቆረጥለት የቱ ነው? የሰው ቁጥር። የምታበስለዋ ሴት እስከ ረቡዕ ጠዋት ቁጥር እንዲነገራት ብላለች። ስለዚህ ማስታወቂያው የሚጠይቀው ቁጥር ብቻ ነው። መዋጮው በሌላ ቀን፣ በታላቅ ወንድሜ አፍ፣ አቅም ላላቸው ለየብቻ በስልክ ተነገረ። የሐውልቱ ነገር ለአምስቱ ልጆቿ ብቻ ተተወ። መቼም የስልሳ ሰው ግሩፕ ሐውልት መርጦ አያውቅም። ፎቶው ከአርባው በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄው ከታወቀ በኋላ መቁረጡ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እያነበብን፣ «ይህን ያላወቀ ሰው ቀኑን፣ ቦታውን ወይም መልሱን ይስታል?» እንላለን። የማይስት ከሆነ ይወጣል። የሕመሟ ታሪክ ወጣ። «ቤተሰቡ ተሰብስቦ በተነጋገረው መሠረት» ወጣ። ምስጋናው ላይ ልጅቷ እምቢ አለች። «የሰው ልፋት ረሳች አታስብሉኝ» ብላ እንባዋ መጣ። ልክ ነች። ምስጋና አይጣልም፤ ግን ጥያቄ ጉያ ውስጥ ከተወሸቀ ሁለቱም ይሞታሉ። ለብቻው እንዲሄድ ተስማማን።

የሚገርመው፣ እያሳጠርን የጨመርነውም ነገር አለ። ቀኑ ላይ «እሑድ»ን ጨመርን፤ ከነፈረንጁ ቀን። የዕለቱ ስም ትልቅ ጠባቂ ነው። ሰው ቀን ሲያሳስት ዕለቱና ቁጥሩ አልገጥም ይሉትና ቆም ይላል። የወንድሜ ልጅ «እሑድ» የሚለውን ቢያይ ኖሮ፣ ጃንዋሪ 24 ቅዳሜ መሆኑን አይቶ ይጠይቅ ነበር። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። እኛ 3 ሰዓት ስንል ሪያድ ያለው 9:00 ይላል፣ ቴል አቪቭ ያለው በክረምት 8:00፣ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት 1:00። የሁሉንም አገር ሰዓት መደርደር ግን ማስታወቂያውን የአውሮፕላን ማረፊያ ሰሌዳ ያስመስለዋል። «በአዲስ አበባ ሰዓት፣ በፈረንጅ 9:00» በቂ ነው። ቀሪውን ስልካቸው ያሰላላቸዋል። ቦታውም «ሚካኤል» ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቦሌ ሚካኤል አለ፣ የካ ሚካኤል አለ፤ ከደሴ የሚመጣ ሰው የቱ ጋ ይውረድ?

መጨረሻ ላይ የወጣው ይህ ነው፦

«ሰላም ቤተሰብ፤ የእማማ አርባ እሑድ ጥር 24 (ፌብሩዋሪ 1) ነው።
ጸሎት፦ ጠዋት በ3 ሰዓት (በአዲስ አበባ ሰዓት፣ በፈረንጅ 9:00)፣ የካ ሚካኤል።
ምሳ፦ ከጸሎቱ በኋላ እማማ ቤት።
እባካችሁ፣ ከየቤታችሁ ስንት ሰው እንደሚመጣ እስከ ማክሰኞ ጥር 19 ማታ በግል ጻፉልኝ። የማይመቻችሁም እንደማትመጡ ብትነግሩኝ ይጠቅመኛል።»

ሰላምታው አንድ መስመር እንኳ እንደማይሞላ አይታችኋል። ግን አለ። ያለ ሰላምታ የመጣ መልእክት ለትልልቆቻችን የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ነው። ቢረዝም ደግሞ ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር በ«እንደምን ሰነበታችሁ» ያልቃል። አሁን ስልኩን ያልከፈተ ሰው እንኳ ቀኑን አይቷል።

የጥያቄውን መጨረሻ ግሥ፣ «ጻፉልኝ»ን፣ ተመልከቱልኝ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ የሰው ዓይን ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። «ትብብር እንድታደርጉልን» ሲባል ጣት ምን ይንካ? «ጻፉልኝ» ሲባል ግን ጣት ሥራውን ያውቃል። ልጅ ለትልቅ ሰው «ጻፉ» ማለቱ ከብዷት «ብትጽፉልን መልካም ነበር» ልትለው ነበር። እሱ ምኞት ነው። አክብሮቱን «እባካችሁ» እና «ልኝ» ይሸከሙታል፤ ግሡን አታለስልሱት።

«በግል» ያልነው በሁለት ምክንያት ነው። መልሱ ግሩፑ ላይ ከመጣ ማስታወቂያው ወደ ላይ ሄዶ ይቀበራል። ደግሞም ግሩፕ ላይ አንዱ «እኛ 9 ነን» ሲል፣ ብቻውን የሚመጣው ያፍራል። የማይመጡትም እንዲናገሩ የጠየቅነው፣ ዝም ያለውን ካላየው ለመለየት ነው። ልጅቷ መጀመሪያ «የማትመጡ 0 ብላችሁ ላኩ» ብላ ነበር። ለሂሳብ ጥሩ ነው። ግን ለሰማንያ ዓመት ሰው «ዜሮ በለኝ» አይባልም፤ አወጣሁት።

ስትልኩ የቀድሞውን እንዳትረሱት። ሁለት ማስታወቂያ ግሩፑ ላይ ከተቀመጠ ግማሹ የቆየውን ያነባል። ዋትሳፕ የላካችሁትን ለማረም የሚፈቅደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ አሮጌውን አጥፉና አዲሱን ከላይ ስኩት፣ ፒን አድርጉት። ማጥፋት ካልቻላችሁ አዲሱን «እርማት» ብላችሁ ጀምሩና የተቀየረው የቱ እንደሆነ ስም ጥሩ። የእኛ አሮጌው ስላልጠፋ «እርማት፦ ጥር 24 ማለት ፌብሩዋሪ 1 ነው» የሚል መስመር ብቻውን አስቀደምን።

ማንበብ ለማይመቻቸው ለትልልቆቹ ያንኑ ጽሑፍ በድምፅ አንብባ ላከች። በድምፅ ሲሆን ሰው ወሬ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከጽሑፉ እንዳትወጣ አልኳት። 40 ሰከንድ እንኳ አልሞላም። ሁለቱ ታላላቆቼ ስልክ ደውለው በቃል መለሱ፤ እሷ ወረቀት ላይ መዘገበች።

ማክሰኞ ማታ ከ19 ቤት 16ቱ መልሰዋል። ለሦስቱ ደወለች። ረቡዕ ጠዋት ለምታበስለዋ ሴት 74 ብላ ነገረቻት። እሑድ ከዚያ ትንሽ በለጠ፤ ጎረቤትና ነዳያን በማስታወቂያ አይቆጠሩም፣ እሷም ይህን አውቃ እንጀራውን ጨምራ ነበር።

ማክሰኞው ላይ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ምስጋናው ግሩፑ ላይ ወጣ። የቀብሩ ዕለት ውኃ ያመላለሰው ልጅ ሳይቀር ስም በስም ተጠርቷል። በጣም ረጅም ነው። ከመላኳ በፊት አሳይታኝ ነበር፤ አንድ ቃል አልነካሁባትም።