ስልክን ሰክቶ ጌም መጫወት፦ ስለ ሙቀት፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ባትሪ ጥያቄና መልስ

እኔ በደብረ ማርቆስ ስልክ በመጠገን ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሰክተው ሲጠቀሙበት ስልካቸው የሚግልባቸው ሰዎች በየሳምንቱ ወደ ሱቄ ስለሚመጡ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ እንድታቀርቡ ጋብዣችኋለሁ፤ የደረሱኝንም እንደ ቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

ተማሪ፣ ፍኖተ ሰላም፦ «መብራት ሲመጣ ሰክቼ ጌም እጫወታለሁ። መጀመሪያ ጥሩ ነው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይንቀረፈፋል። ቻርጁም እየሞላ መሆን ሲገባው ከ40 ወደ 36 ወረደ። ባትሪው ሞቶ ነው?»

ከነገርከኝ ውስጥ ባትሪው ሞቷል የሚያሰኝ ምልክት አላገኘሁም፤ ይልቁንም ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ጊዜ እየደረሱብህ ነው። መጀመሪያ ቻርጀርህን ገልብጠህ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈው ውስጥ Output የሚለውን መስመር አንብብልኝ።

ያው ተማሪ፦ «5V 1A ይላል። የእኔ ጠፍቶብኝ ከጓደኛዬ የተዋስኩት ነው።»

የቻርጁ መውረድ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። 5 ቮልት በ1 አምፔር ሲባዛ 5 ዋት ይሆናል፤ ከዚያም ላይ ጥቂቱ በገመዱና በስልኩ ውስጥ ባለው የቻርጅ ክፍል ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። ከባድ ጌም ደግሞ የስክሪኑ ብርሃን ከፍ ብሎ ሲጫወቱት ብቻውን ከ4 እስከ 6 ዋት ሊወስድ ይችላል። ስልኩ የሚገባውን ኃይል አስቀድሞ ለራሱ ሥራ ያውለዋል፤ ወደ ባትሪው የሚሄደው ትርፉ ብቻ ነው፤ ትርፍ ከሌለም የጎደለውን ከባትሪው ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰክቶ ቻርጁ ቢወርድ የሂሳብ ጉዳይ እንጂ የባትሪ ሞት አይደለም። 10 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ብትሰካ ግማሹ ያህል ለጌሙ ሄዶ ግማሹ ባትሪውን ይሞላል፤ ባለ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ወደ 19 ዋት ሰዓት ስለሚይዝ፣ እየተጫወትክ ከባዶ ለመሙላት ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጅብሃል።

መንቀርፈፉ ግን የሙቀት ጉዳይ ነው። በዚያች ቀጭን ሣጥን ውስጥ ፕሮሰሰሩ፣ የቻርጁ ክፍልና ባትሪው ራሱ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሙቀት ያመነጫሉ፤ ማራገቢያም ስለሌለው ሙቀቱ የሚወጣው በጀርባውና በስክሪኑ በኩል ብቻ ነው። ስልኩ በውስጡ ባሉት የሙቀት መለኪያዎች አማካይነት ወሰኑ እየተቃረበ መሆኑን ሲያውቅ ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። መጀመሪያ ላይ ሩብ ሰዓት ጥሩ የሚሆንልህ አካሉ እስኪሞቅ ድረስ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ይህ መዘግየት ጉዳት ሳይሆን መከላከያ ነው፤ ስልኩ ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። በባትሪው ላይ የሚደርሰው ግን አይመለስም፤ ወደ እርሱ ኋላ እመጣለሁ።

እስከዚያው በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ የምስሉን ፍጥነት ከ60 ወደ 30 ዝቅ አድርገው። ፕሮሰሰር የመጨረሻዋን ፍጥነት ለማግኘት ቮልቴጁም አብሮ መጨመር ስላለበት፣ ትንሽ ፍጥነት ብዙ ሙቀት ታስከፍላለች፤ ከላይ ጥቂት ሲቀነስ የሙቀቱ ቅናሽ ከፍጥነቱ ቅናሽ ይበልጣል።

መምህር፣ ባሕር ዳር፦ «መፍትሔው ቀላል ነው። ኦሪጅናልና ፈጣን ቻርጀር የገዛ ሰው እንዲህ ያለ ችግር አይገጥመውም።»

መምህር፣ በግማሹ እስማማለሁ። ጥሩ ቻርጀር ቻርጁ እንዳይወርድ ያደርጋል፤ ቮልቴጁም ስለማይዋዥቅ ለስልኩ ደኅንነት የተሻለ ነው። ሙቀቱን ግን አያጠፋውም፤ እንዲያውም 33 ወይም 45 ዋት የሚያስገባ ፈጣን ቻርጀር ባትሪው ገና ባዶ ሳለ ከዝግተኛው የበለጠ ያሞቀዋል። ብዙ ስልኮች ስክሪኑ ሲበራና ጌም ሲከፈት የቻርጁን ፍጥነት ራሳቸው የሚቀንሱት በዚህ ምክንያት ነው። ባትሪው ወደ 45 ዲግሪ ሲቃረብም ቻርጁን እጅግ ያዘገዩታል ወይም እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያቆሙታል። ፈጣን ቻርጀር ገዝቶ ሰክቶ መጫወት ማለት እንግዲህ ለገዙት ፍጥነት ገንዘብ ከፍሎ በሙቀት ምክንያት አለማግኘት ነው። ሃያ ደቂቃ ሳይነኩት በፈጣኑ ሞልቶ፣ ነቅሎ መጫወት በሁለቱም በኩል ያተርፋል።

ሌላ ጠያቂ፣ እንጅባራ፦ «በእጄ ስዳስሰው ይሞቃል፤ ግን ስንት ዲግሪ እንደሆነ በምን ልወቅ?»

በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ በመደወያው *#*#4636#*#* ሲጻፍ የሙከራ ገጽ ይከፈታል፤ በአንዳንዶቹም ውስጥ የባትሪው ሙቀት ይገኛል። ገጹ ካልተከፈተልህና adb የሚባለው የአንድሮይድ መሣሪያ የተጫነበት ኮምፒውተር ካለህ፣ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ USB debugging የሚለውን አብርተህ በገመድ ካገናኘኸው በኋላ በዚህ ትእዛዝ ማየት ይቻላል፦

```
adb shell dumpsys battery
```

temperature: 412 የሚል ከወጣ 41.2 ዲግሪ ማለት ነው፤ ቁጥሩ የሚጻፈው በአሥር ተባዝቶ ነው።

እኔ በራሴ ስልክ አንድን ጌም፣ በአንድ የብርሃን መጠን፣ በሱቄ ውስጥ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት ሞክሬዋለሁ። ነቅዬ ስጫወት ባትሪው 37 ዲግሪ ላይ ቆመ። በ30 ከመቶ ላይ ሰክቼ ስጫወት 43 ደረሰ፤ ስክሪኑም ሳልነካው ደበዘዘ። በሦስተኛው ጊዜ እንደተሰካ ሆኖ የጎማ ሽፋኑን ብቻ አውጥቼ ስጫወት 40 ላይ ቀረ። ይህ የአንድ ስልክ ልክ ስለሆነ በሌላው ላይ ቁጥሩ ይለያያል፤ የሽፋኑ ሚና ይህን ያህል መሆኑ ግን እኔንም አስገርሞኛል። በእንጅባራ ብርድ ስልክህ ከባሕር ዳሩ ዘግይቶ እንደሚሞቅ ገምት፤ የሚለካውን ሲተረጉሙ የአካባቢው አየር መታሰብ አለበት።

እናት፣ ዳንግላ፦ «ልጄ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ሰክቶ ቪዲዮ ያያል። ጌም ስላልሆነ ምንም አይለውም አሉኝ።»

እናቴ፣ የነገሩዎት ሰዎች ስለ ቪዲዮው ተሳስተዋል ለማለት አልችልም፤ ስለ ብርድ ልብሱ ግን በጣም ተሳስተዋል። በስልኩ ላይ የተቀመጠ ቪዲዮ ማየት ከጌም እጅግ የቀለለ ሥራ ነው፤ ለዚያ ብቻ የተሠራ ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስላለ ስልኩ ብዙም አይደክምም። ከኢንተርኔት እየሳበ ከሆነና ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ግን ስልኩ ምልክቱን ለማግኘት ኃይሉን ስለሚጨምር ሙቀቱ ከፍ ይላል። ብርድ ልብሱ ደግሞ የትኛውም ሙቀት እንዳይወጣ ያፍነዋል፤ ስልኩ ራሱን ቢያዘገይም የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። ቪዲዮውን ቀን አውርዶ፣ ማታ ስልኩን ነቅሎ እንዲያይ ያድርጉት። ልጁ እንቅልፍ ወስዶት የተሰካ ስልክ ከሥሩ እንዳያድር በተለይ አደራ እላለሁ፤ ይህ ከባትሪ ዕድሜ ያለፈ የቃጠሎ ጉዳይ ነው።

ነጋዴ፣ ቡሬ፦ «የእኔም እንዲሁ ነው፤ ስሰካው ሳልነካው ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይከፍታል። በሙቀት ነው?»

የእርስዎ ችግር ሌላ ነው። ጥራት የሌለው ቻርጀር በገመዱ በኩል የኤሌክትሪክ ረብሻ ያስገባል፤ የስክሪኑ ንክኪም ረብሻውን እንደ ጣት ይቆጥረዋል። ሲነቅሉት ወዲያው ከቆመ ቻርጀሩን ይለውጡ። ተነቅሎም ከቀጠለ ስክሪኑን የሚያይ ባለሙያ ይፈልጋል።

ሹፌር፣ ደጀን፦ «የዓባይ በረሃን ስወርድ ስልኩን ከመስታወቱ ሥር ሰክቼ ካርታና ቪዲዮ እከፍታለሁ። አሁን ጀርባው ተነሥቶ ስክሪኑን እየገፋው ነው። ቻርጅ ግን ይይዛል።»

ወንድሜ፣ ይህን መልስ እንዳነበብክ ስልኩን ንቀለውና ዳግመኛ አትሰካው። ባትሪው አብጧል፤ ቻርጅ መያዙ ደኅና መሆኑን አያሳይም። አትጫነው፣ ጀርባውን ለመመለስ አትሞክር፣ አትውጋው፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀህ ባትሪው እንዲለወጥ ውሰደው።

ምክንያቱን ለሁሉም ላስረዳ፤ ከፍ ብዬ ያቆየሁት ጉዳይም ይህ ነውና። በባትሪው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዝግታ ከሌሎቹ አካላት ጋር እየተዋሃደ ይባክናል፤ ኃይል የሚያመላልሰው ሊቲየምም አብሮ ይቀንሳል፤ ሙቀት ይህን ሂደት ያፋጥነዋል፤ በመጨረሻም ጋዝ ተፈጥሮ ባትሪውን ሊነፋው ይችላል። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ቮልቴጁ ከፍተኛ ስለሆነ ሂደቱ ይብሳል። በባትሪ መማሪያዎች በብዛት የሚጠቀሰው ግምት እንዲህ ይላል፦ ሙሉ ሆኖ በ25 ዲግሪ አንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ከአቅሙ 80 ከመቶ ያህል ይቀረዋል፤ በ40 ዲግሪ ከሆነ 65 ያህል። በዚያው 40 ዲግሪ ግን 40 ከመቶ ብቻ ተሞልቶ ከተቀመጠ 85 ያህል ይቀረዋል። ይህ ለተቀመጠ ባትሪ ነው፤ ለሚሠራው በቀጥታ አይገለበጥም፤ ነገር ግን ከሁሉ የከፋው ሙቀትና ሙላት አንድ ላይ ሲሆኑ መሆኑን ያሳያል። አንተ በፀሐይ ፊት፣ በበረሃ፣ 100 ላይ ደርሶ እንኳ ሳትነቅለው ያደረግከው ይህንኑ ነበር። በአዲሱ ባትሪ ካርታውን ከአየር ማስገቢያው ፊት አስቀምጠው፤ ቪዲዮው በመኪና ላይ ባይኖር ደግሞ ለመንገዱም ይሻላል።

መምህሩ፣ ባሕር ዳር፦ «እንግዲያው 80 ላይ ቢቆም ይሻላል ማለት ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ግን ይህ ምክር አይሠራም። እኔ እስከ 100 እሞላለሁ።»

በዚህ ላይ ልቃወምዎ አልችልም። ነገ መብራት መኖሩን ለማያውቅ ሰው 20 ከመቶ ቻርጅ ትልቅ ነገር ነው። እኔ መብራቱ ሲረጋ 80 ላይ እንዲቆም አደርገዋለሁ፤ መጥፋት ሲጀምር ወሰኑን አነሣዋለሁ፤ ይህ ለእርስዎ ኑሮ ይስማማ አይስማማ እኔ ልወስን አልችልም። ሙሉ ሲሆን ነቅሎ መጫወት ግን ለሁላችንም ይቻላል። በአንዳንድ የኢንፊኒክስ፣ የቴክኖና የሳምሰንግ ስልኮች ደግሞ ባትሪውን አልፎ ኃይሉን በቀጥታ ለጌሙ የሚሰጥ ሴቲንግ አለ፤ በሳምሰንግ ላይ Pause USB Power Delivery ይባላል፤ እንዲሠራም ተስማሚ ቻርጀር ይፈልጋል። ያ ያላችሁ ሰክታችሁ መጫወታችሁ የግድ ከሆነ ተጠቀሙበት፤ ፕሮሰሰሩ መሞቁ ባይቀርም ባትሪው ከቻርጅ ሙቀት ያርፋል።

ተማሪው፣ ፍኖተ ሰላም፦ «ሲግል ፍሪጅ ውስጥ ባስገባውስ? ቶሎ ይቀዘቅዛል።»

አይሆንም። ከፍሪጅ ስታወጣው በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በቀዘቀዘው አካሉ ላይ ውኃ ሆኖ ይቋጠራል፤ ወደ ውስጥም ሊገባ ይችላል። ንቀለው፣ ሽፋኑን አውጣ፣ ጌሙን ዝጋና ጥላ ባለበት ጠረጴዛ ላይ በስክሪኑ አስተኛው።