ካፒቴን ከርክ ያላለውን ለምን ሰማነው?

ካፒቴን ከርክ «ቢም ሚ አፕ፣ ስኮቲ»፣ አንሳኝ ስኮቲ፣ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የአሜሪካኖቹን የጠፈር ተከታታይ ድራማ፣ የስታር ትሬክን፣ የድሮ ክፍሎች ሁሉ አይቻለሁ። እንዴት አላለም ይባላል?

ማየትህን አልጠራጠርም። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በተላለፉት 79 ክፍሎች ውስጥ ግን አባባሉ በዚህ መልኩ የለም። የጠፈር መርከቧ አዛዥ ከርክ መሐንዲሱን «ስኮቲ፣ ቢም አስ አፕ» ይለዋል፤ ወደ መርከቧ አንሳን ማለቱ ነው። አንዳንዴ «ሚስተር ስኮት» ብሎ ይጠራዋል፣ አንዳንዴ ስም አይጠራም። ቃሉ ይለዋወጣል፣ ትዕይንቱ ግን ያው ነው፦ መገናኛውን ከፈት ያደርጋል፣ ያዝዛል፣ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አንተም ትዕይንቱን በደንብ ይዘኸዋል። የተለያዩትን ትዕዛዞች ግን አእምሮህ አንድ ላይ ጨፍልቋቸዋል።

«አንሳን» እንዴት «አንሳኝ» ሆነ?

ከርክ ብዙ ጊዜ ወደ ፕላኔት ብቻውን አይወርድም፤ ባልደረቦቹ ስፖክና ዶክተር ማኮይ አብረውት አሉ። ለዚህ ነው «አንሳን» የሚለው። መኪና ላይ የሚለጠፈው ቀልድ ግን የአንድ ሰው ምሬት ነው፦ «ስኮቲ አንሳኝ፣ እዚህ ታች የሚያስብ ፍጡር የለም»። ሰው ሲመረው «እኔን» ነው የሚለው። ስሙ ወደ መጨረሻ የሄደው ደግሞ ለአፍ ስለሚቀል ይመስለኛል።

ካርቱኑ ላይ እኮ ብሎታል! ክርክሩ አለቀ።

ግማሹን አግኝተሃል። በ1973 የጀመረው የስታር ትሬክ ካርቱን «ቢም አስ አፕ፣ ስኮቲ» ይላል። ስሙ መጨረሻ ላይ ነው፣ ግን አሁንም «አንሳን» ነው። በ1986 በወጣው አራተኛው የስታር ትሬክ ፊልም «ስኮቲ፣ ቢም ሚ አፕ» አለ። እዚህ «አንሳኝ» መጣ፣ ስሙ ግን ፊት ቀደመ። ሁለቱን ብትሰፋቸው የምታውቀው አባባል ይወጣል። ደግሞም ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት አባባሉ በሰው አፍ ነበር።

እኔ ልጅ እያለሁ አባቴ ቲቪ ሲከፍት ይላት ነበር። እሷም ውሸት ናት?

ኧረ እሷ እውነት ናት! ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሰማነው ነገር ይቀራል፣ ከማን እንደሰማነው ግን ይጠፋል። የአባትህ ድምፅ ከከርክ ምስል ጋር ይጣበቃል። ስኮቲን የተጫወተው ጄምስ ዱሃን ራሱ በ1996 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን በዚሁ አባባል ነው የሰየመው። ያንን ሽፋን ያየ ሰው በምን ይጠርጥር?

ድጋሚ ሲያሳዩት ቆርጠውት ቢሆንስ?

ለማስታወቂያ ብለው የቆረጧቸው ትዕይንቶች አሉ። ያልተቆረጡት ክፍሎች ግን ዛሬ በእጃችን ናቸው፣ እነሱም ውስጥ የለም። ራስህን ፈትን። አንድ ክፍል ምረጥ፤ ከመክፈትህ በፊት ከርክ ይላል የምትለውን በወረቀት ጻፍ። ከዚያ አዳምጥ። የግርጌ ጽሑፉን አጥፋው፣ እሱም አንዳንዴ ይሳሳታል።

ሞከርኩት። «አንሳን» ነው ያለው። እኔ የማስታውሰው ግን ሌላ ክፍል ነው።

የትኛው?