«ጀጎል» ወደ «ጎል» ሲቀየር
«ጀጎል ውስጥ ነኝ» ብዬ ስጽፍ ስልኬ «ጎል ውስጥ ነኝ» ይለዋል። ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀብኝ። እንዴት ላስቆመው?

ቃሉን ራስህ አስገባለት። ጂቦርድ ከሆነ Settings፣ Dictionary፣ Personal dictionary ግባና አማርኛን መርጠህ በ+ ምልክቱ «ጀጎል»ን ጨምር። «ከጀጎል» እና «ለጀጎል»ንም ለየብቻ ጨምራቸው፤ ለኪቦርዱ እያንዳንዱ ሌላ ቃል ነው።

የሳቁት ዓረፍተ ነገሩ ስላልፈረሰ ነው። «ውስጥ ነኝ» ቦታ ይጠብቃል፣ ጎልም ቦታ ነው፤ አንባቢው መረቡ ውስጥ ቆመህ ይታየዋል። ትርጉም በሌለው ቃል «ጅክል ውስጥ ነኝ» ቢል ኖሮ ግን ማንም ሳይስቅ ያልፈው ነበር።

በድምፅ ስትጽፍ ይህን ዝርዝር አትመን፣ ሁልጊዜ አይጠቀምበትም። በተለይ ብር ስትጠቅስ ተጠንቀቅ፦ «ስልሳ» ያልከው «ሰላሳ» ሆኖ ቢወጣ የሚያስቅ ነገር ስለሌለው ማንም አያስተውለውም። ሳትልከው ቁጥሩን አንብብ።