የአያት አልበም ላይ «መቼ ነው?» አይጠየቅም

«የአያቴ አልበም እኔ ጋ ደርሷል። ግማሹን ሰው አላውቀውም። እሳቸው ደግሞ አሁን አሁን እየረሱ ነው። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ከማይታወቁት ፎቶዎች አትጀምሪ። አያትሽ ደጋግመው «እንጃ ልጄ» ካሉ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። እሳቸው በደንብ ከሚያውቁት፣ ከሠርግና ከክርስትና ፎቶ ጀምሪ። ቡና ላይ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አስፈቅደሽ ድምፃቸውን በስልክ ቅጂ። እያንዳንዱን ፎቶ ስታነሺ የሰጠሽውን ቁጥር ጮክ ብለሽ ጥሪ። አለዚያ በኋላ ስታዳምጪው «ይቺ» ያሉት የትኛዋን እንደሆነ አታገኚውም።

«መቼ ነው?» የሚለውን ተይው። «ያኔ አግብተው ነበር? የታዘለው ማን ነው? ቤታችሁ የት ነበር?» በይ።

የእኛን ልንገርሽ። ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ላይ በጥምቀት ዕለት የተነሳ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለን። አጎቴ «1959 ነው» ብለው ድርቅ አሉ። አክስቴን ለብቻቸው ጠየቅኋቸው። (አንድ ላይ ከጠየቅሽ ድምፁ የጎላው ያሸንፋል።) ዓመቱን አላወቁም። እናቴ ጭን ላይ ያለውን ሕፃን ግን ወዲያው ለዩት፤ ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ የተወለደው ግንቦት 1962 ነው። በፎቶው ላይ ደህና አድርጎ ተቀምጧል፣ እናቴ ግን ወገቡን ይዛዋለች። የስምንት ወር ልጅ ነው እንጂ የሃያ ወር አይደለም። ስለዚህ ጥር 1963 አልን። አጎቴ እስካሁን አልተዋጠላቸውም።

ጀርባው ላይ የጻፍነው «ጥር 1963፣ በልጁ ዕድሜ የተገመተ» የሚል ነው። የነገረንን ሰውም ጨምረናል። ስም ስትጽፊ እስከ አያት ድረስ ጻፊ፤ «እትዬ አልማዝ» ብቻ ከሆነ ለልጆችሽ ምንም አይነግራቸውም። የቤት ስምም ካለ አይቅር። ከግራ ወደ ቀኝ ስትዘረዝሪ በተመልካቹ ግራ መሆኑን አስፍሪ።

እስክሪብቶ አይሁን። ጫናው ወደ ፊት ይወጣል፣ ቀለሙም ላዩ የተደረበውን ፎቶ ያበላሻል። ለስላሳ እርሳስ ይዘሽ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ፣ ጠርዙ አካባቢ ቀስ ብለሽ ጻፊ። የኋለኞቹ የቀለም ፎቶዎች ጀርባ ፕላስቲክ ስለሆነ እርሳስ አይይዝም፤ እነሱን ፖስታ ውስጥ ከትተሽ ፖስታው ላይ ጻፊ፤ ግን ፎቶው ከመግባቱ በፊት። ሙጫ ያለው ገጽ ላይ የተጣበቀውን ደግሞ ለመንቀል አትታገዪ። ገጹን እንዳለ በስልክ አንሺና ስሙን ደብተር ላይ በቁጥር አስፍሪ።

የ80ዎቹ ፎቶዎች ጥግ ላይ ያለው ብርቱካናማ ቁጥር የፈረንጅ ቀን ነው። «96 1 20» የሚል ካየሽ ጥር 11 ቀን 1988፣ ጥምቀት ነው። ከዓመቱ ላይ፣ ከፈረንጅ አዲስ ዓመት እስከ ጳጉሜን ባለው ስምንት፣ ከመስከረም እስከ ፈረንጅ ዓመት መጨረሻ ባለው ሰባት ቀንሺ። ግን የካሜራው ሰዓት በትክክል ያልተሞላ ሊሆን ስለሚችል ሰዎቹን አይተሽ አመሳክሪ፤ ጋቢና ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ለጥምቀት ታቦት አጅቦ እየሄደ ቁጥሩ ሐምሌን ካሳየ፣ የተሳሳተው ካሜራው ነው።